ረጅሙን ገጽ በአንድ ምስል እንዴት ላንሳው?

የፓፒረስ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ባሕር ዳር ነኝ። ውጭ ያለችው እህቴ የቪዛ ማመልከቻዬን ከማስገባቴ በፊት ልታየው ትፈልጋለች። የሞላሁት ገጽ ደግሞ ወደታች ብትጎትተው ብትጎትተው አያልቅም። ቆራርጬ ስልክላት የቱ ከየቱ እንደሚቀጥል ጠፋባት፣ የፓስፖርት ቁጥሩ ያለበት መስመርም መሃሉ ላይ ተቆርጧል። ሙሉውን ባንዴ ማንሳት ይቻላል?

እትዬ ዘንባባ፦ ልጄ፣ ፎቶው ጀርባው ነጭ ይሁን። ጊዮርጊስ አካባቢ ፎቶ ቤት አታጣም።

የፓፒረስ ልጅ፦ እትዬ፣ የኔን ፎቶ አይደለም፣ ገጹን ነው 😄

ግዮን፦ ምን አስጨነቀህ፣ Ctrl+P በልና ፒዲኤፍ አድርገው። አለቀ።

አባይ ዳር፦ ግዮን፣ ለጽሑፍ ብቻ ከሆነ ልክ ነህ። ፎርም ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያበላሻል፤ ገጹ ለወረቀት ሲደረደር ሳጥኖቹ ቦታ ይለቃሉ፣ አንዳንዱም ጭራሽ ይጠፋል። እህቱ ማየት የምትፈልገው እሱ ያየውን ነው። ፋየርፎክስ ካለህ ገጹ ላይ በቀኝ ተጫንና Take Screenshot በል፣ ከዚያ Save full page። ክሮም ከሆነ Ctrl+Shift+I፣ ቀጥሎ Ctrl+Shift+P፣ screenshot ብለህ ጻፍና Capture full size screenshot የሚለውን ምረጥ። ከማንሳትህ በፊት ግን ቀስ ብለህ እስከታች ውረድ። አንዳንድ ገጽ ምስሎቹን የሚያመጣው ስትደርስባቸው ብቻ ስለሆነ፣ እዚያው አናቱ ላይ ሆነህ ካነሳኸው ታች ባዶ ቦታ ይወጣልሃል።

የቀበሌዋ፦ እኔ የባንክ ዝርዝሬን እንዲሁ አድርጌ ስድስት መስመር ብቻ ወጣልኝ። ቀሪው የለም!

አባይ ዳር፦ ዝርዝሩ የራሱ መጎተቻ ባለው ሳጥን ውስጥ ነበር መሰለኝ። የሚረዝመው ዋናው ገጽ እንጂ በውስጡ ያለው ሳጥን አይደለም፣ ስለዚህ ከሳጥኑ የሚነሳው በዓይንሽ የሚታየው ብቻ ነው። Ctrl እና - ተጭነሽ አሳንሺው፣ አንዳንዴ ሳጥኑ ተጨማሪ መስመር ያሳያል። ካልሆነ ባንኩ ራሱ የሚያወርድልሽን ፒዲኤፍ ፈልጊ።

የፓፒረስ ልጅ፦ ተነሳ! በቴሌግራም ላክሁላት፣ «ጉንዳን ነው እንዴ የላክህልኝ?» አለችኝ።

አባይ ዳር፦ ፎቶ አድርገህ ልከኸው ነዋ። ቴሌግራም ፎቶን በተለምዶ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል እስኪሆን ያሳንሰዋል። ቁመቱ 9000፣ ስፋቱ 1400 የሆነ ምስል ስፋቱ ወደ 200 ይወርዳል፣ 200 ላይ ደግሞ ፊደል አይነበብም። File ብለህ ላከው፣ እንዳለ ይደርሳታል። ኢንተርኔት ቤት ከሆንህ ደግሞ ስትነሳ Downloads ውስጥ ያለውን አጥፋው፣ ፓስፖርት ቁጥርህ እኮ እዚያ ተቀምጧል።

የቀበሌዋ፦ የስልኩ የባንክ መተግበሪያስ? ስክሪንሾት ራሱ አይፈቅድም ይለኛል።

ግዮን፦ በሌላ ስልክ ፎቶ አንሺው።

የቀበሌዋ፦ ያን ሁሉ መስመር? ኧረ በማርያም!