ዴድሊፍት ላይ ከሦስተኛው ጀምሮ ወገቤ ይጎብጣል፤ ትንፋሼ ይሆን?

ጠያቂ (ማራኪ፣ ጎንደር)፦ ሰላም ለሁላችሁ። በ100 ኪሎ ዴድሊፍት አምስት አምስት ጊዜ እሠራለሁ። ሁለቱ ቀጥ ብለው ይነሣሉ፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ወገቤ ይጎብጥና በማግስቱ ያመኛል። አሠልጣኜ «ስታነሣ ተንፍስ» ስላለኝ እንደዚያ አደርጋለሁ። ምን ላስተካክል?

ብረት ወዳጅ፦ ቀበቶ ግዛ። ጥብቅ አድርገህ እሰረው፣ ወገብህን እሱ ይይዝልሃል። እኔ ከገዛሁ ወዲህ አሞኝ አያውቅም።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ ወንድሜ፣ ብረቱ ከመሬት በሚላቀቅበት ቅጽበት ወገብ ከባዱን ሸክም ይቀበላል፤ አንተ ደግሞ ልክ ያኔ አየሩን እያስወጣህ ነው። አየር ስትስብ ድያፍራም የሚባለው ከሳንባ በታች ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ ወደ ታች ይወርዳል። የሆድ ዕቃ እንደ ውኃ ስለሆነ አይጨመቅም፤ የሆድ ጡንቻ ከፊትና ከጎን፣ የዳሌ ወለል ከታች ከያዙት ግፊቱ መውጫ ያጣና ሆድህ እንደ ተነፋ ኳስ ይጠነክራል። አከርካሪህም እንደ ልቡ አይታጠፍም።

ብረት ሳትነካ ሞክረው። ሁለት አውራ ጣትህን ከመጨረሻው ጎድን በታች፣ ከዳሌ አጥንት በላይ ጎንህ ላይ አድርግ። ስትስብ ጣቶችህ ወደ ውጭ ከተገፉ ደህና ነው። ትከሻህ ብቻ ከተነሣ አየሩ ደረትህ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ከዚያ ሰው ሆድህን በቡጢ ሊመታህ እንደመጣ ሁሉ ወጥረው።

ከዚያ በ70 ኪሎ፦ መሬት ላይ ሳለ ሳብ፣ ወጥር፣ አንሣ፣ ላይ ደርሰህ ስትቆም ትንሽ ልቀቅ። ስታስቀምጠው ደግሞ እንደገና ሳብ። አምስቱን በአንድ ትንፋሽ አትጨርስ፤ ሦስተኛው ላይ የሚያልቅብህ ይኸው ይመስለኛል።

ቀበቶውም ሆድህ የሚገፋው ግድግዳ እንጂ ወገብ የሚሸከም ነገር አይደለም። መተንፈስ እስኪያቅትህ ካጠበቅኸው ጥቅሙ ይቀራል።

የአዘዞ ጫኝ፦ እኔ እህል እጭናለሁ። ኩንታል ሳነሣ ትንፋሽ ስይዝ ዓይኔ ይጨልማል። የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ይህን ልሞክር?

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ አይሞክሩት፣ ጋሼ። ትንፋሽ ተይዞ ሲገፋ የደም ግፊት ለጥቂት ሰኮንድ በጣም ይወጣል። ኩንታሉን ለሁለት ያንሡት ወይም ይከፋፍሉት፤ ሲያነሡም ቀስ ብለው ያስወጡ። ዓይንዎ መጨለሙን ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ስፖርት ሳይንስ ተማሪ፦ እኔ እንኳን ግፊቱ ብቻውን ወገብን ያን ያህል ያቀልላል ብዬ አላምንም። ሲወጠር የጀርባ ጡንቻም አብሮ ስለሚጠብቅ ማን ምን ያህል እንደረዳ መለየት ያስቸግራል።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ እውነት ነው፣ በዚህ ላይ ባለሙያዎችም አይስማሙም። አከርካሪ መጠንከሩ ላይ ግን ክርክር የለም።

ጠያቂ፦ ሳምንት ሞከርኩት። በ70 አምስቱም ቀጥ አሉ። በ90 ግን አራተኛው ላይ ጎበጥሁ። ደግሞ ግራ ጎኔ ጣቴን ሲገፋ ቀኙ ብዙም አይገፋም።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ በ80 ቆይ። ከጎን ቪዲዮ ተቀረጽ፤ የሚቀድመው ወገብህ መጉበጡ ነው ወይስ ዳሌህ ወደ ላይ መሮጡ? ዳሌህ ከቀደመ ትንፋሽ ብቻ አይደለም። ሕመሙ ወደ እግርህ ከወረደ ወይም ከደነዘዘህ ግን አቁምና ታይ።