የምላስ መፋቂያ የት ይገኛል? ስለ አፍ ጠረን ጥቆማ ፈልጌ ነበር

ሳሪስ
ሰላም ወገኖች። ጥርሴን ጠዋትና ማታ እቦርሻለሁ፣ ቀን ደግሞ በእንጨት መፋቂያ እፍቃለሁ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጠረኑ ይመለሳል። የነገረችኝ ታላቅ እህቴ ናት፣ እግዜር ይስጣት። ምላሴ ወደ ጉሮሮ በኩል ነጭ ሆኗል። የምላስ መፋቂያ ብረቱ ይሻላል ፕላስቲኩ? የት ይሸጣል? የአፍ መጉመጥመጫስ የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

እማማ የሺ
ልጄ፣ ይሄ ጨጓራ ነው። የጨጓራ ባክቴሪያ ተመርመሪ። የጎረቤቴ ልጅ መድኃኒቱን ጨርሶ ነው የዳነው።

መርካቶ ብቻ
ብረቱን ግዢ። ምዕራብ ሆቴል አካባቢ ደንበኛዬ የሆነ ሱቅ አለ፣ አምስት ዓመት ሌላ ቦታ ገዝቼ አላውቅም። ከፋርማሲ የሚሸጠው ሁሉ እዚያ አለ።

ተነቃይ
እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ፣ ወደ ክሊኒክ ከመሮጥሽ በፊት። ለዚሁ ጠረን ብዬ ሄጄ ሁለት ጥርስ ተሞላልኝ፣ አንድ ተነቀለ። ሽታው ንቅንቅ አላለም። አንድ ቀን ጠዋት ሳስል የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጣ ያለች ነገር ከጉሮሮዬ ወጣች። በጣቴ ብጨፈልቃት ያ ሽታ ራሱ ነው! አንገት በላይ ሐኪም ጋ ስሄድ ቶንሲል ላይ ባሉት ጉድጓዶች ውስጥ የምግብ ትራፊና ባክቴሪያ ተጠራቅሞ የሚጠጥር ነገር ነው አለኝ። ጥርሴ ግን አንዴ ተነቅሏል።

ቤቲ
የት ነው የነቀሉህ? እኔም ቀጠሮ አለኝ፣ ስሙን በውስጥ ላክልኝ።

አቤል ጀሞ
እኔንም እንዲሁ የማያመኝን ነቅለውኛል። ሁሉም ብር ፈላጊ ናቸው።

ዳዊት
ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ምላስ መፋቂያ ነው። እናንተ የክስ ማመልከቻ እየጻፋችሁ ነው።

ነርስ ሀ
የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። ሳሪስ፣ ከመግዛትሽ በፊት ምንጩን እንለይ። አብዛኛው ጠረን የሚመጣው ከአፍ ነው፣ ከአፍም በብዛት ከምላስ ኋላና ከድድ። የምላስ ኋላ ሸካራ ነው፤ ምግብ ስናላምጥ አይታሽም። የሞተ የምላስ ቆዳ፣ የምግብ ትራፊና ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው ንፍጥ እዚያ ይጋገራሉ። አየር የማይወዱ ባክቴሪያዎች ያንን ሲያበሰብሱ ነው የገማ እንቁላል የሚመስለው ሽታ የሚወጣው።

እንዲህ ሞክሪ። የሻይ ማንኪያ ገልብጠሽ ከምላስሽ ኋላ ቀስ ብለሽ ሳቢና ጥቂት ቆይተሽ አሽትቺው። ቀጥሎ እህትሽ ትርዳሽ፤ የራሳችንን ጠረን አፍንጫችን ስለሚለምደው አንታመንም። መጀመሪያ አፍንጫሽን ይዘሽ በአፍሽ ተንፍሺ፣ ከዚያ አፍሽን ገጥመሽ በአፍንጫሽ። ከአፍ ብቻ ከሸተተ ምላስ፣ ድድ ወይም ጥርስ ነው፤ ቶንሲልም ሊሆን ይችላል። ከአፍንጫ ከባሰ ሳይነስ ነውና አንገት በላይ ሐኪም ይይሽ። በሁለቱም እኩል ከሆነ የውስጥ ደዌ ሐኪም።

እማማ የሺ፣ ጨጓራ አልፎ አልፎ ይኖርበታል። ግን የምግብ ቧንቧው ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ ሰው ካላገሳ ወይም ቃር ካልመጣበት ሽታው እንደ ልቡ አይወጣም።

ሳሪስ
ማንኪያውን አሁን ሞከርኩት፣ በጣም ይሸታል። ግን አፍንጫዬ ሁሌ ዝግ ነው፣ ለአለርጂው ማታ ማታ ኪኒን እወስዳለሁ፣ አፌን ከፍቼ ነው የምተኛው። ይገናኛል?

ነርስ ሀ
በደንብ ነው የሚገናኘው። የአለርጂ ኪኒን ብዙ ጊዜ ምራቅ ያደርቃል፣ አፍ ከፍቶ መተኛትም እንዲሁ። አፍን የሚያጥበው ምራቅ ነውና ሲደርቅ ምላስሽ ላይ ያለው ይወፍራል። ኪኒኑን ራስሽ አታቁሚ፣ ያዘዘልሽን ሰው አፍ የማያደርቅ አማራጭ ጠይቂ። የአፍንጫው መዘጋት ካልታከመ መፋቂያው የሚረዳሽ ለጊዜው ነው።

አፋፋቁ፦ ምላስሽን አውጥተሽ አየር እያስወጣሽ ከኋላ ወደ ፊት አራት አምስት ጊዜ በቀስታ ሳቢ፤ ትንፋሽ ስታስወጪ ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። በየመሃሉ መፋቂያውን እጠቢ። ከደማሽ ኃይል አብዝተሻል ማለት ነው። ብረትም ይሁን ፕላስቲክ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ማንኪያም ይሠራል። መጉመጥመጫ ከፈለግሽ ዚንክ ያለበት፣ አልኮል የሌለበት ይሻልሻል። ክሎርሄክሲዲን ጠንካራ ነው፣ ግን ሲቆይ ጥርስ ያጠቁራል፣ ጣዕምም ያዛባል፤ ያለ ሐኪም ከሁለት ሳምንት አታሳልፊው።

የአሚር እናት
እኔ ደግሞ ስለ ልጄ ልጠይቅ። ሦስት ዓመቱ ነው፣ ከአንድ አፍንጫው ብቻ የሚገማ ፈሳሽ ይወጣል። እሱንስ ልፋቀው?

ነርስ ሀ
አይ፣ ምላሱን ተይው። በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ባቄላ ወይም ስፖንጅ አስገብቶ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ለማውጣት አትሞክሪ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው።

ተነቃይ
ለእኔ አሁን በጨው ውሃ መጉመጥመጥ ቀንሶልኛል፣ ግን በየወሩ አንድ ሁለት ፍሬ ይወጣል። ቶንሲሌን ላስወጣው እያልኩ ነው። ያስወጣ አለ?

ሳሪስ
እግዜር ይስጥልኝ ነርስ። ነገ ጠዋት ቡና ሳልጠጣ እህቴ እንድታሸተኝ አደርጋለሁ፣ አፍንጫዬንም አሳያለሁ።

መርካቶ ብቻ
እሺ፣ ብረቱን ግን ከእኔ ሰው ውሰጂ። ማንኪያ ማንኪያ ነው።