ቋሚ ተመን፦ ወለድ ስቀንስ የክምችት አምዱ በዘጠነኛው ወር ከዜሮ በታች ይወርዳል (አስቸኳይ)

ጀማሪ ተንታኝ (ጠያቂ)፦
ነገ ጠዋት ለአለቆቼ የማቀርበው የኤክሴል ስሌት እምቢ ብሎኛልና እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። አገሩ የምናብ ነው፤ አንድ ዶላር በ20 እንዲመነዘር ተወስኗል፣ የውጭ ምንዛሪ ክምችቱም 6 ቢሊዮን ዶላር ነው። ኢኮኖሚው ስለተቀዛቀዘ ወለዱን ከ10 ወደ 4 በመቶ ሳወርደው ክምችቱ በየወሩ 750 ሚሊዮን ዶላር እየቀነሰ በዘጠነኛው ወር ከዜሮ በታች ይገባል። ተመኑን ተንሳፋፊ ሳደርገው ግን ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ፎርሙላው የቱ ጋ ነው የተበላሸው?

ቀመረኛው፦
ይህ ቀላል ነው። በክምችቱ አምድ ላይ የሚከተለውን ያስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ከዜሮ በታች አይወርድም።

```
=MAX(0,B10-C10)
```

ታዛቢ፦
ይህችን ፎርሙላ ማዕከላዊ ባንኮች ቀደም ብለው አግኝተዋት ቢሆን ኖሮ ስንት ገዥ ከወንበሩ ባልተነሳ ነበር! ለማንኛውም ጠያቂው ዋናውን ነገር አልነገሩንም። በውጭ ያለው ወለድ ስንት ነው? ሰዎች ገንዘባቸውን ወደ ውጭ ማውጣት ይችላሉ ወይስ ተከልክሏል? መሠረታዊው ገንዘብስ፣ ማለትም ማዕከላዊ ባንኩ ያሰራጨው ጥሬ ገንዘብና ባንኮች በእርሱ ዘንድ ያስቀመጡት፣ የራሱ አምድ አለው?

ጀማሪ ተንታኝ (ጠያቂ)፦
የውጭው ወለድ 5 በመቶ ነው። ካፒታል ያለ ገደብ ይገባል፣ ይወጣል። መሠረታዊው ገንዘብ በአምድ D ላይ 150 ቢሊዮን ሆኖ ተቀምጧል፤ በየወሩም ያው ነው። ይህ ግልጽ ነው ብዬ ነበር ያልጻፍኩት።

የሰነድ ሰው፦
ፎርሙላዎ አልተበላሸም፤ የጠየቁትን ነው የመለሰልዎ። ነገሩ ያለው «በየወሩም ያው ነው» ባሉት አምድ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያውን ወር ብቻ ቀስ ብለን እንመልከት። በአገር ውስጥ 4 በመቶ፣ በውጭ ደግሞ 5 በመቶ የሚከፈል ከሆነና ተመኑ እንደማይነቃነቅ ከታመነ፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ ወደ ዶላር ይዞራል። ማዕከላዊ ባንኩ በ20 ለመሸጥ ቃል ስለገባ 750 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፤ በምላሹም 15 ቢሊዮን የአገሩን ገንዘብ ይሰበስባል። ያ 15 ቢሊዮን ወደ ባንኩ ሲገባ ከገበያ ወጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ መሠረታዊው ገንዘብ ከ150 ወደ 135 ቢሊዮን መውረድ ነበረበት። ንግድ ባንኮች ጥሬ ገንዘብ ሲያጥራቸው እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ወለድ ከፍ ይላል፣ ወደ 5 በመቶ ሲጠጋም ዶላር መግዛቱ ትርፍ አልባ ይሆናል፣ የክምችቱም መፍሰስ በራሱ ይቆማል።

በእርስዎ ሠንጠረዥ ውስጥ ይህ አይሆንም፤ ምክንያቱም አምድ D በ150 ላይ ተቸንክሯል። በተግባር ሲታይ ባንኩ ጠዋት ዶላር ሸጦ የሰበሰበውን 15 ቢሊዮን ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ቦንድ እየገዛ ወደ ገበያ ይመልሰዋል፤ ያን ገንዘብ የተቀበሉት ደግሞ በሚቀጥለው ወር ይዘውት ለዶላር ይሰለፋሉ። ወለዱን 4 በመቶ ላይ ማቆየት የሚቻለው በዚህ መንገድ ብቻ ነውና ክምችቱ እስኪያልቅ ድረስ ይፈሳል። አምዱን ነጻ ያውጡትና ይዩት፦

```
=D9-20*C9
```

C የተሸጠው ዶላር በቢሊዮን ነው። ወለዱም ከ D ጋር እንዲነሳና እንዲወድቅ ያያይዙት። ያን ጊዜ ክምችቱ ይረጋጋል፤ ነገር ግን የፈለጉት 4 በመቶ አይኖርም። ለአለቆችዎ የሚያቀርቡት ውጤትም ይኸው ነው፦ ተመኑ ቋሚ፣ የካፒታል በሩ ክፍት፣ ወለዱም በራስ ፈቃድ የሚወሰን ይሁን የሚል መንግሥት ከሦስቱ አንዱን መተው አለበት።

የታሪክ ወዳጅ፦
ወጣቶች ይህን ዛሬ የተገኘ ነገር አድርገው ያወሩታል። በ1944 በብሬተን ዉድስ የተመሠረተው ሥርዓት ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የቆየው እኮ በዚሁ ምክንያት ነው፤ የአገሮች ገንዘብ ከዶላር ጋር፣ ዶላር ደግሞ በአንድ አውንስ 35 ሂሳብ ከወርቅ ጋር ታስሮ ሳለ፣ አብዛኞቹ መንግሥታት ካፒታል ከድንበር እንዳያልፍ ይቆጣጠሩ ስለነበር ወለዳቸውን በቤታቸው መወሰን ይችሉ ነበር። ካፒታሉ የመቆጣጠሪያውን ቀዳዳ ሁሉ እያገኘ መፍሰስ ሲጀምር ሥርዓቱ ተናጋ፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰንም ነሐሴ 1971 በአውሮፓ አቆጣጠር ዶላር በወርቅ የሚመነዘርበትን በር ዘጉ። ስለዚህ ጠያቂው በሠንጠረዣቸው ላይ የካፒታል ቁጥጥር ጨምረው ወለዱን 4 በመቶ ላይ ማቆየት ይችላሉ።

ታዛቢ፦
ይችላሉ፤ ለተወሰነ ጊዜ። አስመጪው የዕቃውን ዋጋ በደረሰኝ ላይ ከፍ አድርጎ ሲጽፍ፣ ላኪውም የሸጠበትን ዶላር ውጭ ሲያቆየው፣ በፊት በር የተከለከለው ካፒታል በጓሮ ይወጣል። ለዚህ አምድ የሚሠራ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ቀመረኛው፦
MAX ን ሞክረዋል? ከዜሮ በታች የሚለው ችግር ወዲያውኑ ይጠፋል።

አስመጪው፦
ጥያቄው ዶላር አሁን ይገዛ ወይስ ይጠበቅ የሚል መስሎኝ ነበር የገባሁት። የሆነ ሆኖ የእኔን ልንገራችሁ። ተመኑ ለዓመታት ስላልተነቃነቀ የዶላር ብድሩ ወለድ አነስተኛ ሆኖ አገኘሁትና ማሽን ገዛሁበት፤ ገቢዬ ግን በአገር ውስጥ ገንዘብ ነው። ባንኩም «ተመኑ ቋሚ ስለሆነ አያስቡ» አለኝ። ተመኑ ሲለቀቅ ማሽኑ ያው ነበር፣ ደንበኞቼም ያው ነበሩ፤ ዕዳዬ ብቻ አደገ። «ተንሳፋፊ ሲሆን ሁሉም ሰላም ነው» የሚለውን ሳነብ የጠያቂው ሠንጠረዥ ውስጥ እኔን የመሰለ ሰው እንደሌለ ገባኝ።

የሰነድ ሰው፦
አስመጪው ጥያቄውን ስተው ትልቁን ጉድለት አግኝተዋል። ተንሳፋፊው ገጽ ሰላም የሆነው የዶላር ዕዳ የሚባል ረድፍ ስለሌለው ነው። መንግሥቱ 3 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ አለበት እንበል። በ20 ሂሳብ 60 ቢሊዮን ነው፤ ተመኑ ተለቅቆ 26 ቢደርስ 78 ቢሊዮን ይሆናል። ወለድ ለመቀነስ በተገኘው ነጻነት ምትክ 18 ቢሊዮን ተጨማሪ ዕዳ ተመዘገበ ማለት ነው። አርጀንቲና ከ1991 ጀምሮ አንድ ፔሶን በአንድ ዶላር አስራ ለአሥር ዓመት ያህል ከቆየች በኋላ በ2002 መጀመሪያ ስትለቀው ያጋጠማት ይህ ነበር፤ መንግሥትም ኩባንያዎችም በዶላር ተበድረው ነበርና።

ተከራካሪ፦
በዚህ ላይ አልስማማም። 18 ቢሊዮኑ በአንድ ዓመት የሚከፈል አይደለም። በየዓመቱ የሚከፈለው 400 ሚሊዮን ዶላር ቢሆን፣ ከ8 ቢሊዮን ወደ 10.4 ቢሊዮን ያድጋል፤ ልዩነቱ 2.4 ቢሊዮን ብቻ ነው፣ በጀት ሊሸከመው ይችላል። ከዚህም በላይ ጥያቄው ራሱ «ወይ ቋሚ ወይ ተንሳፋፊ» ማለቱ ትክክል አይደለም። ብዙ አገሮች ያሉት በመካከል ነው፤ ተመኑ እንዲንቀሳቀስ ይፈቅዳሉ፣ ሲፈጥን ግን ገብተው ያረግቡታል። ለምን ሁለት ገጽ ብቻ ተሠራ?

ታዛቢ፦
በመካከል መቆምም ክምችት ይበላል። መቼ ገብቶ መቼ እንደሚተው የማይታወቅ ባንክ ደግሞ ገበያውን የሚያረጋጋው አይመስለኝም፤ እዚህ ላይ ግን ተሳስተሃል የሚሉኝ ብዙ ባለሙያዎች አሉ።

ወደ ዘጠነኛው ወር ልመለስ። በእውነተኛው ዓለም ማንም እስከ ዘጠነኛው ወር አይጠብቅም። ክምችቱ እየሳሳ መሄዱን የሚያይ ሰው፣ በመጨረሻ ተመኑ እንደሚለቀቅ ካወቀ፣ የቀረው ዶላር ሳያልቅ ለመግዛት ይሽቀዳደማል። የኢኮኖሚ ሊቁ ፖል ክሩግማን በ1979 ባወጡት ጥናት ያሳዩት ይህንን ነው፤ ክምችቱ ገና በቂ መስሎ ሳለ በአንድ ጊዜ ይጠራርጉታል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የሚወርደው መስመርዎ አምስተኛው ወር አካባቢ ገደል መግባት አለበት ብል አላጋነንኩም፤ የትኛው ወር እንደሆነ ግን ማንም አይነግርዎትም።

የእርስዎን ሁኔታ በደንብ የሚመስለው ብሪታንያ ነው። በጥቅምት 1990 በአውሮፓ አቆጣጠር ፓውንድን በ2.95 የጀርመን ማርክ አስራ ወደ አውሮፓ የምንዛሪ ተመን ሥርዓት ገባች፤ ከ2.778 በታች እንዳይወርድም ቃል ነበረባት። ጀርመን ከውህደቷ በኋላ ወለዷን ከፍ አድርጋ ይዛ ነበር፤ ብሪታንያ ግን ኢኮኖሚዋ ተቀዛቅዞ ዝቅተኛ ወለድ ትፈልግ ነበር። መስከረም 16 ቀን 1992 ባንኩ ፓውንድ እየገዛ ወለዱን ከ10 ወደ 12 በመቶ አነሳ፣ በማግስቱም 15 እንደሚሆን አስታወቀ። ገበያው ግን አላመነም፤ የብሪታንያ የቤት ብድር በአብዛኛው ወለዱ ተለዋዋጭ ስለነበር ያን ወለድ ሕዝቡ ሊሸከመው እንደማይችል ሁሉም ያውቅ ነበር። በዚያው ምሽት ተመኑ ተለቀቀ። ስዊድን ደግሞ በዚያው መስከረም የማዕከላዊ ባንኳን የአጭር ጊዜ ወለድ 500 በመቶ አድርሳ ወሩን አለፈችው፤ በኅዳር ግን እርሷም ለቀቀች። እንግዲህ በሠንጠረዥዎ ላይ «ክምችቱ ስንት ነው» ከሚለው ቀጥሎ «ወለዱ እስከ ስንት ቢወጣ መንግሥቱ ይችለዋል» የሚል ረድፍ ያስፈልጋል።

የታሪክ ወዳጅ፦
ክምችት ሁልጊዜ ያልቃል እንዳትሉ። ስዊዘርላንድ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ስትከላከል የምትሸጠው የራሷን ፍራንክ ነበር፤ የራስን ገንዘብ ደግሞ ያለ ገደብ መፍጠር ይቻላል። ያም ሆኖ ጥር 15 ቀን 2015 አቆመችው፤ ያስጨነቃት ማለቁ ሳይሆን የገዛችው የውጭ ገንዘብ መከመሩ ነበር።

የሰነድ ሰው፦
እውነት ነው፤ ጠያቂው ያለበት ግን ተቃራኒው ወገን ነው።

ሌላው ማየት ያለብዎት 6 ቢሊዮኑ የተጣራ መሆን አለመሆኑን ነው። ታይላንድ በ1997 ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ክምችት እንዳላት ትታወቅ ነበር፤ ነገር ግን ባንኳ ባህትን ለመከላከል ሲል ወደፊት ዶላር ለማስረከብ የገባው ውል ከ20 ቢሊዮን በላይ ስለነበር፣ በእጅ ያለው በጣም ጥቂት ነበር። ሐምሌ 2 ቀን በ25 አካባቢ ታስሮ የቆየው ባህት ሲለቀቅ፣ በቀጣዩ ጥር አንድ ዶላር ከ50 ባህት በላይ ደረሰ። እንዲህ ያለው ውል በክምችቱ አምድ ላይ አይታይም፤ በተለየ ረድፍ ተጽፎ መቀነስ አለበት።

ለተከራካሪው፦ የ2.4 ቢሊዮኑ ስሌት የሚያስኬደው አበዳሪዎች የቀረውን ዕዳ ካራዘሙ ነው። ከ3 ቢሊዮኑ ውስጥ 2 ቢሊዮኑ በዓመት ውስጥ የሚመለስ ቢሆንና ማንም ማራዘም ባይፈልግ፣ በ26 ሂሳብ 52 ቢሊዮን በአንድ ጊዜ ይጠየቃል።

ተከራካሪ፦
ይህ የዕዳው አወቃቀር ችግር እንጂ የተመኑ ችግር አይደለም። ተመኑ ቋሚ ሆኖም ያው 2 ቢሊዮን ዶላር ይጠየቅ ነበር።

የሰነድ ሰው፦
ዶላሩ ያው ነው፤ ለመክፈል የሚሰበሰበው ግብር ግን ያው አይደለም። ያም ሆነ ይህ ጠያቂው የዕዳውን የመክፈያ ጊዜ ሳይነግሩን ልንጨርሰው አንችልም። ጀማሪ ተንታኝ፣ በዓመት ውስጥ የሚመለሰው ስንት ነው? ከእርሱ ውስጥስ የመንግሥት ያልሆነው፣ ማለትም እንደ አስመጪው ያሉ ሰዎችና ባንኮች የተበደሩት ምን ያህል ነው?

ቀመረኛው፦
MAX ካልሠራ ABS አለ።