የቲማቲም ስጎ አሽጌ ጨርሻለሁ፤ ይበላል ወይስ ልጣለው?

ጠያቂዋ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። የቲማቲም ስጎ ሠርቼ በዘጠኝ ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ሞላሁና የፈላ ውሃ ውስጥ 45 ደቂቃ አቆይቼ አሸግሁት። ክዳኖቹ ሁሉ ወደ ውስጥ ተስበዋል። አሁን ጎረቤቴ መጥታ «ሎሚ ካልጨመርሽበት መርዝ ነው» ብላ አስደነገጠችኝ። አልጨመርኩም። ምን ላድርግ?

የጓዳ ሰው፦ ክዳኑ ከተሳበ ውስጡ አየር የለም፤ አየር ከሌለ ምን ያበላሸዋል? ጎረቤትሽ አንድ ጠርሙስ ፈልጋ ይሆናል።

አሲድ ለኪው፦ ሁለት ነገር ሳትነግሪን ቀርተሻል። ከቲማቲሙ ሌላ ምን ገብቶበታል? ከድስቱ ከወጣስ ስንት ሰዓት ሆነው?
የጓዳ ሰው፣ አየር አለመኖሩ ለሻጋታ መከላከያ ነው፤ ለቦቱሊነም ግን ግብዣ ነው። ይህ ባክቴሪያ የሚያድገው አየር በሌለበት ነው። ዘሩ፣ ማለትም ስፖሩ፣ በ100 ዲግሪ ውሃ ለሰዓታት ቢቀቀል አይሞትም። የሚያግደው የምግቡ አሲድ ነው፤ አሲዱ የሚለካበት ቁጥር ፒኤች ይባላል፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበዛል፤ ፒኤች ከ4.6 በታች ከሆነ ስፖሩ ቢኖርም አይነቃም፣ መርዝም አይሠራም። ለዚህ ነው ከዚያ በታች ላለው ምግብ የፈላ ውሃ የሚበቃው። ከ4.6 በላይ ለሆነው ግን ሙቀቱን ወደ 116 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚያደርስ የግፊት ድስት ያስፈልጋል።

ጠያቂዋ፦ ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ነው ያወጣሁት። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ትልልቅ ካሮትና ጥቂት ዘይት አለበት። ቲማቲም ግን ኮምጣጣ አይደለም እንዴ?

ምድጃ ዳር፦ በየጠርሙሱ ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምረሽ እንደገና አፍዪው፤ አለቀ።

ሦስት ጉልቻ፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሎሚ፣ ለአንድ ሊትር። እኔም ይህንኑ ልል ነበር።

የጓዳ ሰው፦ ሎሚ ከሌላት ሦስት ሰዓት ታፍላው። ብዙ ሲፈላ የማይሞት ነገር የለም።

አሲድ ለኪው፦ አለ እንጂ። ውሃ ሦስት ሰዓትም ቢፈላ ሙቀቱ ከ100 አይዘልም፤ ከፍታ ቦታ ላይማ ከዚያም በታች ነው። ደቂቃ መጨመር ዲግሪ አይጨምርም።
የሎሚው ልክ ትክክል ነው፤ ግን የተሰጠው ለንጹሕ ቲማቲም ነው፤ ያውም በፋብሪካ ለታሸገ ጭማቂ፣ ምክንያቱም የትኩስ ሎሚ አሲድ ከፍሬ ፍሬ ይለያያል። ቲማቲም ራሱ ድንበር ላይ የተቀመጠ ነው፤ እንደ ዝርያውና እንደ ብስለቱ ከ4.3 እስከ 4.9 ይደርሳል። ካሮት ወደ 6 ነው። እኔ አንድ ጊዜ ለክቼ አይቻለሁ፦ ቲማቲሙ ብቻውን 4.4 ነበር፤ ሽንኩርትና ካሮት ገብቶበት ሲፈጭ 4.8 ሆነ። ጣዕሙ ግን ያው ነበር። የእህታችን ካሮት ስንት እንደሚመዝን ስለማናውቅ ስንት ማንኪያ ሎሚ እንደሚመልሰውም አናውቅም።

የፓፓያ ወዳጅ፦ እኔ ፓፓያ በቀላል ሽሮፕ ላሽግ ነበር። ፍራፍሬ ስለሆነ በፈላ ውሃ ይሆናል አይደል?

አሲድ ለኪው፦ አይሆንም፤ የበሰለ ፓፓያ ከ5 በላይ ነው። ስኳርም አሲድ አይጨምርም፤ ኮምጣጣነቱን ከምላስ ይደብቃል እንጂ።

ሦስት ጉልቻ፦ አሲድ ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ ወረቀት ገዝታ ብትለካውስ? ርካሽ ነው።

አሲድ ለኪው፦ 4.5ንና 4.8ን በቀለም መለየት ከባድ ነው፤ የስጎው ቅላትም ወረቀቱን ይነክረዋል። መለኪያ መሣሪያ ካለ በ4 እና በ7 ማስተካከያ ፈሳሽ ካስተካከሉ በኋላ ጠርሙሱን ከነካሮቱ ፈጭቶ መለካት ይቻላል። ፈሳሹን ብቻ የለካ ግን ራሱን ያታልላል፤ የካሮቱ መሐል ገና አሲድ አልጠጣም።
ለዛሬው ጉዳይ፦ 24 ሰዓት ስላልሞላው መጣል አያስፈልግም። አሁኑኑ ማቀዝቀዣ አስገቢውና በሦስት ወይም በአራት ቀን የምትበዪውን አስቀሪ። የቀረውን ወደ ፕላስቲክ ዕቃ ገልብጪና ከአፉ ሦስት ጣት ያህል ጎደል አድርገሽ በረዶ ቤት ክተቺው። ዛሬ ማታ ሦስት ሰዓት ሲያልፍ ውጭ የቀረ ካለ፣ ሳትቀምሺ ጣዪው። መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ክዳኑ ስላልተነፋም መተማመኛ አይሆንም።

የጓዳ ሰው፦ እኔ ለዓመታት እንዲሁ በልቼ አልሞትኩም።

ምድጃ ዳር፦ ካሮት ትጨምርበት ነበር?

የጓዳ ሰው፦ አልጨምርም።

ጠያቂዋ፦ ሰባቱን ማቀዝቀዣ አስገብቻለሁ። ሁለቱን ግን ዛሬ ጠዋት እህቴ ይዛ ሄዳለች፤ ስልኳን አታነሣም።

አሲድ ለኪው፦ መልእክት ላኪላት፤ ደግመሽም ደውዪ።