የሬዲዮ ዜናዬ ሲነበብ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ እንዴት ልቁረጠው?

ጠያቂ፦ የ5 ደቂቃ ዜና እጽፋለሁ። አንባቢዋ መሃል ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፣ አድማጮችም አልገባንም ይላሉ። ለምሳሌ ይህን እዩልኝ፦ «በዋናው መስመር ላይ በደረሰ ብልሽት ምክንያት ለሦስት ቀናት ተቋርጦ የነበረው የውሃ አገልግሎት የጥገና ሥራው በመጠናቀቁ ከዛሬ ጀምሮ ወደ መደበኛ ሁኔታው መመለሱን የከተማዋ ውሃና ፍሳሽ ጽሕፈት ቤት ገልጿል።»

የማለዳ ዴስክ፦ አድማጩ ብልሽቱን፣ ሦስቱን ቀንና ጥገናውን ተሸክሞ እስከ «ገልጿል» ድረስ ይጠብቃል። ያለፈውን መልሶ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ድርጊቶቹን ለያያቸው፣ ዛሬ የተለወጠውን አስቀድም፦

«በከተማዋ ለሦስት ቀን ጠፍቶ የነበረው ውሃ ዛሬ ተለቋል። ውሃው የጠፋው ዋናው መስመር ተበላሽቶ ነው። ጥገናው መጠናቀቁን የከተማዋ ውሃና ፍሳሽ ጽሕፈት ቤት ተናግሯል።»

«ወደ መደበኛ ሁኔታው መመለሱን» የደብዳቤ ቋንቋ ነው። ጎረቤትህ «ውሃ መጣ» ነው የሚልህ።

ቆጣሪው፦ ቀላል ነው፦ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከ8 ቃል አትለፍ፤ የተናገረውን አካል ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አድርግ።

የማለዳ ዴስክ፦ ማሳጠሩ ልክ ነው፣ «ሁልጊዜ» ግን አይሆንም። «ውሃው ለመጠጥ አይሆንም» ብለህ ጀምረህ ተናጋሪውን መጨረሻ ላይ ብትጠራ፣ አድማጩ ጣቢያው ያለው ይመስለዋል። አከራካሪ ነገር ሲሆን ተናጋሪው ይቅደም፦ «የጤና ቢሮው እንደሚለው፣ ውሃው ለመጠጥ አይሆንም።» ሁሉንም በ8 ቃል ብትቆርጠው ደግሞ «ነው… ነው… ነው» እያለ ጆሮ ይመታል። ከሁለት አጭር በኋላ አንድ ረዘም ያለ አስገባ።

አንባቢዋ፦ ከስቱዲዮ በኩል ልጨምር። ጽሑፋችን ጠብቆ የሚነበበውን ፊደል ላልቶ ከሚነበበው አይለይም። «ምስክሮች ነገ ይሰማሉ» የሚል ወረቀት ሲሰጠኝ፣ ምስክሮቹ ያዳምጣሉ ወይስ ቃላቸው ይደመጣል? በቀጥታ ስርጭት ላይ ቆም ብዬ ማሰብ አልችልም። «ምስክሮች ነገ ቃላቸውን ይሰጣሉ» ብላችሁ ጻፉልኝ። 12,487,300 ብርንም «ከአሥራ ሁለት ሚሊዮን ብር በላይ» ብላችሁ በፊደል አስፍሩት፤ ቁጥሩም ለሁለት መስመር አይከፈል።

ከዋሽንግተን፦ እኛ ማይክራችን ያፏጫል፣ መፍትሔ አላችሁ?

አንባቢዋ፦ ወንድሜ፣ እሱን ለብቻው ጠይቅ፣ እዚህ ስለ ጽሑፍ ነው።

ከዋሽንግተን፦ እሺ፣ የጽሑፍም አለኝ። «ስብሰባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው» ስንል አንዳንዱ አድማጭ በአገር ቤት አቆጣጠር ይወስደዋል፣ እዚህ ያደገው ግን ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ይመስለዋል።

የማለዳ ዴስክ፦ «ምሽት» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 3፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ማታ 9» ማለት ይቻላል።

ቆጣሪው፦ እሱ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ሰዓት ማስታወስ ነው። አንዱን መርጦ በዜናው መጀመሪያ ላይ ማሳወቅ ይሻላል።

አንባቢዋ፦ መሃል ላይ ሬዲዮ የከፈተው ሰው ግን ያንን ማሳወቂያ አልሰማም።