የዱባይ የስራ ልምዴን ኮምቦልቻ ላይ እንዴት ላስቆጥረው?

ሰላም ወገኖች፣ ህንድ ሀገር አካውንቲንግ በ3 አመት ጨርሼ ዱባይ 5 አመት ሰርቼ ነው ኮምቦልቻ የተመለስኩት። የዲግሪው ነገር ብዙም አላሳሰበኝም፣ አቻ ግምቱን አዲስ አበባ ትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን አስገብቻለሁ፣ ሲቪዬ ላይም ውጤቴን ወደ 4 ሳልቀይር 7.8 ከ10 ብዬ እንዳለ ጻፍኩት፣ የራሴን ስሌት ከትራንስክሪፕቱ ጋር ሲያዩት ይጠራጠሩኛል ብዬ።

ያስጨነቀኝ የስራ ልምዱ ነው። ባለፈው አንድ ፋብሪካ ሄጄ የሰው ሀይሏ ልጅ ደብዳቤውን በእስክሪብቶ እየተከተለች አነበበችና ደሞዙ ጋ ስትደርስ ቆም አለች፣ "የስራ ግብር መቆረጡን አይልም፣ አይያዝልህም" አለችኝ። ኤምሬትስ ደግሞ ከደሞዝ ላይ ግብር የሚባል ነገር የለም፣ ታዲያ ድርጅቱ ያልቆረጠውን ምን ብሎ ይጻፍልኝ? ደብዳቤው እዛው ውጭ ጉዳይም ቆንስላችንም ማህተም አርገውበታል ግን ማህተሙ ይሄን አይመልስም።

አሁን ያሰብኩት የድሮ አለቃዬን ግብር በሀገሪቱ ህግ እንደሌለ የሚገልጽ አንድ መስመር አስጨምሬ፣ ደሞዜ በየወሩ የገባበትን የባንክ ስቴትመንት ማያያዝ ነው። እስቲ ደሴም ኮምቦልቻም ከአረብ ሀገር ልምድ አምጥታችሁ የተያዘላችሁ ምን አቀረባችሁ? ደብዳቤውን እንደገና ሳስጽፍ ማህተሙንም ከዜሮ ልጀምር ነው?