ሥጋና ዓሣ የሚበላ ሰው የክሬቲን ዱቄት ያስፈልገዋል?

ሚኪ፦ ጂም ከጀመርኩ አምስት ወሬ ነው። አሰልጣኜ ጡንቻ ለከባድ ጥረት የሚጠቀምበትን ክሬቲን የሚባል ነገር በዱቄት መልክ በቀን 5 ግራም ውሰድ ይለኛል። እኔ ግን ሥጋም ዓሣም በደንብ እበላለሁ። ከምግብ ብቻ ማግኘት አይቻልም?

አቤል፦ ይቻላል እንጂ! ክሬቲን መጀመሪያ የተገኘው እኮ ከሥጋ ነው፤ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭሩል በ1832 ከሥጋ ለይቶ አወጣው። ጥሬ የበሬ ሥጋ በኪሎ 4.5 ግራም ገደማ አለው። ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ ደግሞ ከ6.5 እስከ 10 ግራም ይደርሳል። ገንዘብህን ዱቄት ላይ አታፍስስ።

ሕይወት፦ አቤል፣ ቁጥሮችህ ትክክል ናቸው፤ «በኪሎ» የምትለዋን ቃል ግን በችኮላ አለፍካት። ሚኪ፣ በቀን ስንት ትበላለህ?

ሚኪ፦ ምሳ ላይ 200 ግራም የበሬ ሥጋ፣ ማታ 150 ግራም ሳልመን። ሁለቱንም ሳይበስሉ ነው የምመዝናቸው።

ሕይወት፦ ይኼ ከብዙ ሰው የተሻለ ነው። ከበሬ ሥጋው 0.9 ግራም ታገኛለህ፤ ሳልመንም በኪሎ 4.5 ግራም ገደማ ስላለው 0.7 ያህል ይጨምርልሃል። ድምሩ 1.6 ግራም ነው፤ እሱም ገና ሳይበስል። እሳት ላይ ሲወጣ ከክሬቲኑ ከፊሉ ከጭማቂው ጋር ይፈሳል፤ ከፊሉ ደግሞ ክሬቲኒን ወደሚባል፣ ጡንቻ ወደማይጠቀምበት ነገር ይለወጣል። ሥጋው እየደረቀና እየጠቆረ በሄደ ቁጥር ኪሳራው ይብሳል።

ዱቄቱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ክሬቲን አይደለም። ሞኖሃይድሬት የሚባለው ውኃ ስላለበት ከ5 ግራሙ 4.4 ያህሉ ነው ክሬቲን። ያንን በበሬ ሥጋ ለመተካት በየቀኑ ወደ አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ መብላት አለብህ። ከእሱ ጋር 200 ግራም ያህል ፕሮቲንና ያለው ስብ ሁሉ አብሮ ይመጣል። አንዳንዶች ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን 20 ግራም ይወስዳሉ፤ እሱን በሥጋ አስበው፣ አራት ኪሎ ገደማ ነው!

ወይዘሮ ፀሐይ፦ ልጆቼ፣ ይኼ ክሬቲን የምትሉት ነገር ኩላሊት የሚጎዳው አይደለም? እኔ ባለፈው ዓመት ተመርምሬ ከፍ ብሏል ተብዬ በጣም ደንግጬ ነበር።

ሕይወት፦ ወይዘሮ ፀሐይ፣ ያን ጊዜ የተለካው ክሬቲኒን ነው፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ክሬቲኒን ክሬቲን ሲፈርስ የሚቀረው ነው፤ ኩላሊት ስለሚያስወግደው ሐኪሞች የኩላሊትን ሥራ ይገምቱበታል። ከምርመራው በፊት ብዙ የበሰለ ሥጋ የበላ ሰውም ኩላሊቱ ደህና ሆኖ ሊጨምርበት ይችላል። ዱቄቱን የሚወስድ ሰውም ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ ካስፈለገ ሲስታቲን ሲ በሚባለው ሌላ ምርመራ ይጣራል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይጀምር።

አቤል፦ እሺ፣ ጭማቂው ከፈሰሰ መረቁን አብሮ መጠጣት ነው። ያኔ ምን ጠፋ?

ሕይወት፦ እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ሄደሃል። ወደ መረቁ የወጣው ክሬቲን ስትጠጣው ይመለስልሃል። ወደ ክሬቲኒን የተለወጠው ግን አይመለስም፤ ረጅም ሰዓት በፈላ ቁጥር ደግሞ የሚለወጠው እየጨመረ ይሄዳል። ምንም ነገር ባይጠፋ እንኳ ሚኪ 1.6 ላይ ነው የሚቀረው።

ብሩክ፦ እኔ ሥጋ ካቆምኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ታዲያ እንዴት ቆሜ እሄዳለሁ?

ሕይወት፦ ጉበትህና ኩላሊትህ ከአሚኖ አሲዶች በቀን ወደ 1 ግራም ይሠሩልሃል። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰውነቱ 120 ግራም ያህል ይዞ በቀን ወደ 2 ግራም ይጥላል፤ ሥጋ በላተኛው ቀሪውን ከምግቡ ይሞላል። አንተ ዝቅ ባለ ክምችት ትኖራለህ። ወተት በኪሎ 0.1 ግራም ብቻ ነው ያለው፤ አትክልት ላይ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዱቄቱ ከሁላችን ይልቅ ለውጥ የሚያሳየው አንተ ላይ ነው።

አቤል፦ ልብ በሉ፣ ራስሽ ነው የተናገርሽው፤ ምግቡ የሚጠፋውን ይተካል። ከዚያ በላይ ጡንቻን መሙላት ለምን ግዴታ ይሆናል?

ሕይወት፦ ግዴታ አላልኩም። ሥጋ የሚበላ ሰው ጡንቻ ብዙውን ጊዜ ሊይዝ ከሚችለው ከ60 እስከ 80 በመቶውን ይይዛል፤ በዚያም ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። የዱቄቱ ሥራ ቀሪውን መሙላት ነው። ጥቅሙ የሚታየውም አጭርና ከባድ በሆነ ጥረት ላይ ነው፤ ረጅም ሩጫ ላይ ብዙም ለውጥ አታይም። ሚኪ፣ የምታነሳው ከባድ ክብደት ነው ወይስ ትሮጣለህ?

ሚኪ፦ ክብደት ነው፤ ስኳትና ዴድሊፍት። 20 ግራሙን ግን አልደፍርም።

ሕይወት፦ አያስፈልግህም። በቀን 3 ግራም ብትወስድ አራት ሳምንት ገደማ ውስጥ እዚያው ትደርሳለህ። መጀመሪያ ላይ ጡንቻህ ውኃ ስለሚይዝ ሚዛንህ አንድ ኪሎ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ ስብ ነው ብለህ አትደንግጥ።

አቤል፦ እኔ በዓሣዬ እቀጥላለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ስኳትህ በስንት ኪሎ እንደጨመረ እዚሁ ጻፍልን።